ሁሉም ሰው ማን ነው?

እርማት እወዳለሁ። ይህን ስናገር የሚያምነኝ መምህር እስካሁን አላገኘሁም፤ ሁሉም በማሾፍ ነው የሚያዩኝ። እኔ ግን ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ወረቀት ፊት ስቀመጥ ልክ እንደ ጥሩ ምሳ ነው የሚሆንልኝ። በተለይ ደግሞ ሩብሪክ፣ የነጥብ አሰጣጥ መመሪያ ማለት ነው፣ ማዘጋጀት ደስ ይለኛል። ለየትኛው ሐሳብ ስንት ነጥብ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ስህተት ስንት እንደሚያስቀንስ አስቀድሜ በሰንጠረዥ ካላስቀመጥኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ አሶሳ ውስጥ ለዕጩ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ በሚሰጠው ስልጠና ላይ የውል ሕግ እንዳስተምር ስጠየቅ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ አበል ሳይሆን ስለ ፈተናው አስተራረም ነበር። የጋበዙኝ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

የመጣሁት ጥር ላይ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደጋ ስለሆነ ሙቀቱ መጀመሪያ አናቴን አዞረው፤ በሁለተኛው ወር ግን ለመድኩ። ሰልጣኞቹ የሕግ ዲግሪያቸውን የያዙ ወጣቶች ናቸው። ስልጠናውን በማጠቃለያ ፈተና የሚያልፉት ለወረዳ ፍርድ ቤት ዳኝነት ወይም ለዐቃቤ ሕግነት ይታጫሉ፤ የሚወድቁት አንድ ጊዜ ብቻ በድጋሚ ይፈተናሉ፤ ያኔም ከወደቁ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ነው። በዚያ ዓመት በውል ሕግ ዘጠኝ ሰልጣኞች ወድቀው ነበር። ከድጋሚው ፈተና ሦስት ሳምንት በፊት አንድ የልምምድ ጥያቄ ሰጠኋቸውና መልሳቸውን ልክ እንደ ዋናው ፈተና በሩብሪክ አርሜ፣ አንድ በአንድ ላነጋግራቸው ወሰንኩ። የውድቀታቸው ምክንያት አላዋቂነት አልመሰለኝም ነበር፤ አጻጻፍ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ጥያቄው እንዲህ ነው። በሱዳን ድንበር ያለችው የኩርሙክ ከተማ ነጋዴ የሆነ ሻጭ፣ አሶሳ ላለ ገዢ ሁለት አይሱዙ ማንጎ እስከ ግንቦት 20 ሊያደርስ በጽሑፍ ተዋዋለ። ውሉ ላይ፣ ከዚያ ቀን በኋላ የሚመጣ ማንጎ ገዢው እንደማይረከብ ተጽፏል። ግንቦት 18 በጣለ ዝናብ መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ሞላ፤ መንገዱ አምስት ቀን ተዘጋ፤ ማንጎው መኪና ላይ ተበላሸ። ሻጩ ለገዢው አልደወለም። ገዢው ካሳ ጠየቀ፤ ሻጩ ደግሞ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ገጠመኝ አለ። ዳኛው እናንተ ናችሁ፤ ወስኑ።

በጥያቄው ኮርቼ ነበር። የአካባቢው መልክ እንዲኖረው ብዬ ማንጎና ኩርሙክ ማስገባቴ ራሱ አስደስቶኛል። ሩብሪኩ ከሃያ ነው፤ ማለፊያው አሥራ ሁለት። ጭብጦቹን ለይቶ ለማውጣት ስድስት ነጥብ፦ ገዢው ካሳ ከመጠየቁ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልገው ነበር ወይ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አለ ወይ፣ ካሳው እንዴት ይሰላል። ትክክለኛውን ሕግ ለመጥቀስ አራት። ሕጉን ከፍሬ ነገሩ ጋር ለማገናኘት ሰባት። ለተደገፈ መደምደሚያ ሦስት። ከአቅም በላይ በሚለው ላይ የእኔ የናሙና መልስ እንዲህ ይል ነበር፦ «ጎርፉ የደረሰው ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት በመሆኑ ሻጩ አስቀድሞ ሊያስበው አይችልም ነበር። ስለዚህ ከኃላፊነት ነፃ ነው፤ የሚጠየቀው ባለማሳወቁ ለደረሰው ጉዳት ብቻ ነው።» ይህን ስጽፍ አንድም ጊዜ አልተጠራጠርኩም።

ያረምኩት በግንቦት አጋማሽ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በስልጠናው ቢሮ ውስጥ ነው። አምስተኛው ወረቀት ላይ ስደርስ ቆርቆሮውን የሚደበድብ ዝናብ ጀመረ። ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁ፤ የወረቀቱ ጥግ ረጥቦ ስለነበር በመሐረብ አደረቅሁት። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አምስተኛው ወረቀት የአንዲት የኩርሙክ ልጅ ነበር። ክፍል ውስጥ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ካልተጠየቀች የማትናገር፣ የቤቷ ቋንቋ በርታኛ፣ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው በእንግሊዝኛ፣ አሁን ደግሞ በአማርኛ ፍርድ እንድትጽፍ የምትጠየቅ ሴት። ስለ እሷ አንድ ነገር አውቅ ነበር። ለምን ዳኛ መሆን እንደፈለገች በመጀመሪያው ቀን ስትጠየቅ፣ በወረዳዋ ፍርድ ቤት እናቶች የተናገሩት ነገር በአስተርጓሚ እያለፈ ግማሹ ሲቀር ማየቷን ነግራናለች። ከዚያ ወዲህ ውጤቷ ሲወርድ ሆዴን ይበላኝ ነበር፤ እርማት ላይ ግን ሆድ አይገባም።

መልሷ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። «የተያዘው ጉዳይ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው ወይ የሚል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1792 ይመለከተዋል። ሻጩ ከአቅም በላይ ነው ማለት አይችልም። በግንቦት ወንዙ እንደሚሞላ ሁሉም ሰው ያውቃል። ስለዚህ ሻጩ ለገዢው ሙሉ ካሳ ይክፈል።» በቃ።

ቀዩን እስክሪብቶ መዘዝኩት። ማስጠንቀቂያ ስለሚለው ጭብጥ አንድ ቃል የለም፦ «ጭብጥ ቀርቷል።» ሻጩ አለመደወሉን አልነካችውም፦ «የማሳወቅ ግዴታስ?» ቁጥር 1792ን ጠቅሳለች፤ ምን እንደሚል ግን አልተናገረችም፦ «ሕጉን ግለጪ።» ሙሉ ካሳ ብላለች፤ ገዢው ከሌላ ቦታ ማንጎ ገዝቶ ጉዳቱን መቀነስ ይችል እንደነበር አላሰበችም፦ «ያልተደገፈ መደምደሚያ።» «ሁሉም ሰው ያውቃል» ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አሰመርኩና ኅዳጉ ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ «ሁሉም ሰው ማን ነው?» መደምደሚያዋ የእኔ ተቃራኒ ስለሆነ እዚያ ላይ ዜሮ ሰጠኋት። ድምሩ ስድስት።

በስልጠናው ደንብ እያንዳንዱን ወረቀት ሁለተኛ አራሚም ያያል፤ የመጀመሪያውን ነጥብ ሳያይ፣ በዚያው ሩብሪክ። ሁለተኛዋ አራሚ የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ ናት፤ ወላጆቿ ከወሎ በሰፈራ መጥተው እሷ እዚሁ አሶሳ ዙሪያ ተወልዳለች። እሷ ሰባት ሰጠቻት። ልዩነታችን አንድ ነጥብ ነው፤ ተስማማን ማለት ነው። ወረቀቱን ስትመልስልኝ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እንደያዘች አየሁ። ያን ጊዜ አልጠየቅኋትም።

በነጋታው ረፋዱ ላይ የኩርሙኳ ልጅ መጣች። ወረቀቱን ሰጠኋት፤ አነበበችው። እንደገና አነበበችው። የወደቀ ሰው ፊት ለማየት ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ግን የግራ መጋባት ፊት ነው ያሳየችኝ።

«መምህር፣ ይሄን አልገባኝም» አለች፣ ጣቷን ኅዳጉ ላይ አድርጋ። «ሁሉም ሰው ማን ነው የሚለው።»

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው። ማን ማን ያውቃል?»

መቁጠር ጀመረች። «አባቴ ያውቃል። ሾፌሮች ያውቃል። ወንዙ ዳር ሻይ የምትሸጠው ሴት ያውቃል፣ በሚያዝያ መጨረሻ ዕቃውን ወደ ላይ ያወጣል። ማንጎ የሚለቅመው ልጆች ያውቃል።» ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎም ያውቃል።»

«እኔ?»

«ትናንት ዘንቧል እኮ» አለች።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ። መስኮቱን የዘጋሁት እኔ። ወረቀቷን በመሐረብ ያደረቅሁት እኔ። ከዚያ ተቀምጬ በዚያው እጄ፣ በግንቦት ዝናብ አይታሰብም ከሚል ሩብሪክ ላይ ዜሮ ገልብጬ ሰጠኋት። ለእኔ ክረምት ማለት ሰኔ ነው፤ እናቴ ቤት ሰኔ ነበር፣ ትምህርት ቤት የተማርኩት ሰኔ ነው። አሶሳ ላይ ሰማዩ የእናቴን ቤት የቀን መቁጠሪያ ይከተላል ብዬ ሳስብ አምስት ወር ኖሬያለሁ። ደግሞ ሻጩን የኩርሙክ ሰው ያደረግሁት ራሴ ነኝ። ከሰው ሁሉ መርጬ ወንዙን የሚያውቀውን ሰው፣ ወንዙን አያውቅም ብዬ ነፃ ለቀቅኩት።

ተነስቼ ቆምኩ። ቁጭ ማለት አልቻልኩም። «ሌላስ?» አልኳት። «ሻጩ ያውቅ እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ምን አለ?»

«በገበያ ይጠየቃል» አለች። አባቷ ኩርሙክ ገበያ ውስጥ ጥላ ሥር የሚቀመጥ የሸቀጥ ነጋዴ ነው፤ የተጣሉ ነጋዴዎችም ወደ እሱ ይመጣሉ። እነሱ ዘንድ ከሚያዝያ በኋላ ዕቃ ሲሸጥ፣ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ አንደኛው ወገን አንድ ነገር ሳይጠይቅ እጅ አይጨባበጡም። በበርታኛ ነገረችኝ፤ ከዚያ ተረጎመችው፦ «ወንዙ በማን ነው?» ወንዙ ቢሞላ ኪሳራው የማን እንደሚሆን ማለት ነው። አንዳንዱ ሻጭ በእኔ ነው ይላል፤ አንዳንዱ በገዢው ያደርጋል፤ ወይ እኩል ይካፈላሉ። «ዝም ካለ በሻጩ ነው» አለች። «የእርስዎ ሻጭ ዝም ብሏል። ውሉ ላይ ወንዝ የለም።»

ሕግ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው እንዴት ልንገራችሁ። ቁጥር 1792 የሚለው፣ ከአቅም በላይ ነው የሚባለው ተዋዋዩ በተለምዶ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን ፈጽሞ እንዳይወጣ የሚያግደው ነገር ሲሆን ነው። ሊታሰብ የሚችል ከነበረ መከላከያው ይወድቃል። ይህች ልጅ ደግሞ የወንዙ መሙላት ሊታሰብ የሚችል ብቻ ሳይሆን፣ ነጋዴዎቹ በየውሉ እየጠሩ የሚደራደሩበት ነገር መሆኑን እየነገረችኝ ነው። አሥር ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ማገናኛ ከተማሪ ሰምቼ አላውቅም። ከደስታዬ ብዛት ቢሮው ጠበበኝ።

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍሽውም?» አልኳት፤ ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር።

አንገቷን ደፋች። «መምህሩ ያውቃል ብዬ።»

ከዚያ በትንሽ በትንሹ አወጣችው። አባቷ ፊት ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ሁሉንም ይሰማል፤ መጨረሻ ላይ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ አይናገርም። እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወንዙንም፣ መንገዱንም፣ ሁለቱን ሰዎችም ያውቃል። የሚያውቁትን ነገር መዘርዘር አላዋቂ ናችሁ ብሎ እንደመስደብ ነው፤ በተለይ ትልቅ ሰው ፊት። እኔ ለእሷ ትልቅ ሰው ነኝ። አክብራኝ ነው የጣለችው ምክንያቱን። እኔ ደግሞ በአክብሮቷ ላይ «ያልተደገፈ መደምደሚያ» ብዬ ጻፍኩበት።

«የታወቀ ነገር ማስረጃ አይጠየቅበትም ብለው አስተምረውናል» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እየተከራከረችኝ።

«ልክ ነሽ። ማስረጃ አይጠየቅበትም። መጻፍ ግን ይጠየቅበታል። ማን እንደሚያውቀው፣ ለምን የታወቀ እንደሆነ ካልጻፍሽ ይግባኙን የሚያየው ዳኛ በምን ያውቃል? እንደ እኔ የደጋ ሰው ቢሆንስ? መስኮቱን ዘግቶ ፍርድሽን ይሽርልሻል።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ የነገርኳት አንድ ምክር ብቻ ነው፦ «ስትጽፊ ዛሬ ጠዋት ከመናኸሪያ ለወረደ ሰው ጻፊ። ምንም የማያውቅ፣ ግን ማመን የሚፈልግ ሰው።»

እሷ ስትወጣ ሁለተኛዋን አራሚ ፍለጋ ሮጥኩ። የመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣው ፊት ውሃ ስትቀዳ አገኘኋት። ግንቦት ላይ እዚህ እንደሚዘንብ ታውቂ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ውሃው እስኪደፋ ሳቀች።

«አይ አንተ፣ እዚህ ተወልጄ?»

«ታዲያ መደምደሚያዋ ላይ ለምን ዜሮ ሰጠሽ?»

«ሩብሪኩ ያንተ ነው። ሩብሪክ ተከተዪ ተባልኩ እንጂ ዝናብ ተከተዪ አልተባልኩም። ለነገሩ ከሰጠሁት ነጥብ ጎን የጥያቄ ምልክት አድርጌልህ ነበር፤ አላየኸውም።» እውነትም ነበረ። በእርሳስ፣ በትንሹ። እኔ ሳየው የእስክሪብቶ መሞከሪያ መስሎኝ ነበር።

በዕለቱ ሩብሪኩን ቀደድኩት። አዲሱ ላይ ከአቅም በላይ በሚለው ጭብጥ ሁለቱንም መደምደሚያ ፈቀድኩ፤ ነጥቡ የሚገኘው ሻጩ ማሰብ ይችል ነበር ወይስ አይችልም የሚለውን ከፍሬ ነገሩ በማሳየት ነው፤ ቦታውን፣ ወሩን፣ የሻጩን ሥራ። ዘጠኙንም ወረቀት እንደገና አረምን፤ ለአንድ ሰው ብቻ ሩብሪክ አይቀየርም። የእኔን የክፍል ማስታወሻ ቃል በቃል የገለበጠ አንድ ሰልጣኝ ሦስት ነጥብ ወረደ፤ ቅር ብሎት ሄደ። እውነቱን ለመናገር መገልበጡን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

የኩርሙኳ ልጅ ስምንት ሆነች። አዎ፣ ስምንት። ቢሮዬ ውስጥ የተናገረችው ወረቀቱ ላይ የለም፤ አራሚ የሚያርመው ወረቀት ነው። ወንዝና ግንቦትን በማንሳቷ አንድ ነጥብ ጨመርን፤ መደምደሚያዋ ስህተት መባሉ ስለቀረ ሌላ አንድ። ያልተጻፈው አልተጻፈም። ውጤቱን ስነግራት፣ «እሺ» አለች። ቀጥላም፣ «ስንት ቀን ቀረኝ?» ብላ ጠየቀች።

በቀሩት ቀናት አራት የልምምድ መልስ አመጣችልኝ። በሁለተኛው ላይ ከመጠን በላይ ጻፈች፤ ማንጎ ምን እንደሆነ ሳይቀር አስረዳችኝ። ከመናኸሪያ የወረደው ሰው ማንጎ በልቶ ያውቃል ብዬ ሰረዝኩላት። በሦስተኛው ላይ ሕጉን ገለጸች፣ ፍሬ ነገሩን አስቀመጠች፣ ግን በመካከላቸው «ስለዚህ» ብቻ ነበር። «ስለዚህ ብቻውን አይሠራም» ብዬ ጻፍኩ። አራተኛውን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

ድጋሚው ፈተና በሰኔ መጀመሪያ ተሰጠ። ወረቀቶቹ በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የሚመጡት፤ ጥያቄውም አዲስ ነው፦ የዱቤ ሲሚንቶ ውል፣ ያለፈ የማስረከቢያ ቀን፣ የተቋረጠ ግንባታ። በዚህኛው ባልደረባዬ የመጀመሪያ አራሚ ሆነች፤ እኔ ሁለተኛ። ስድስተኛውን ወረቀት ስገልጥ የመጀመሪያው መስመር ላይ እንዲህ ተጽፎ አገኘሁ፦

«ይህ ፍርድ የአካባቢውን ሁኔታ ለማያውቅ አንባቢ ጭምር የተጻፈ ነው።»

ማን እንደሆነች አወቅሁ። ይህን ስላወቅሁ ወረቀቱን ለብቻዬ ላርመው እንደማይገባ ለባልደረባዬ ነገርኳት፤ ሦስተኛ አራሚ ጨመርን። ሦስታችንም ተለያይተን አረምን። ባልደረባዬ አሥራ አምስት፣ ሦስተኛው አሥራ አራት፣ እኔ አሥራ አራት። አልፋለች።

ጉድለት አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። የማስጠንቀቂያውን ጭብጥ በዚህኛውም ረስታዋለች፤ ሁለት ነጥብ ቀነስኩባት፣ ሳልራራ። ካሳው ላይ ትንታኔዋ ሳሳ ይላል፤ እሱንም ጻፍኩ። ግን «ሁሉም ሰው ያውቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ አራተኛው ፈለግሁ፤ የለም። በምትኩ የሚያውቁት ሰዎች ነበሩ፤ ማን እንደሆኑ፣ ከየት እንዳወቁ፣ ለምን ሊታመኑ እንደሚገባ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ዝናብ ለሲሚንቶ ምን እንደሚያደርግ በሁለት መስመር አስረድታለች። ውጭ ይዘንብ ነበር። በዚያ አንቀጽ ጎን፣ ሩብሪኩ ምንም ነጥብ በማይሰጥበት ኅዳግ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ «አሁን አወቅሁ» ብዬ ጻፍኩ።